ከስፌት መስመሩ ጀርባ ያለው ማሳ፦ የሠራተኛ ባይተዋርነትና የታሪክ ቁሳዊ መሠረት

ከአዲስ አበባ ምሥራቃዊና ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከቦሌ ለሚ እስከ ቂሊንጦ፣ አልፎም እስከ ዱከም፣ በማምረቻ ሼዶች ዙሪያ አንድ ክርክር ደጋግሞ ይነሳል። ቀጣሪው ሠራተኛ አይበረክትልኝም ይላል፤ አሠልጥኖ ሳይጨርስ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ሠራተኛዋ ደግሞ ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከምግብ እንደማያልፍ፣ ሥራውም እንደሚያደክምና እንደሚያሰለች ትናገራለች። ከውጭ የሚሰማው ሰው አንዱን ይዞ ይሄዳል፦ ወይ "የሥራ ባህል የለንም"፣ ወይ "ችግሩ ብር ነው"።

ነገሩ ወሬ ብቻ አይደለም። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ውስጥ በሚገኙ አምስት ድርጅቶች ወደ 1,000 የሚጠጉ ሥራ አመልካቾችን ይዘው አንድ ጥናት አካሂደዋል። ሥራው ለአመልካቾቹ የተሰጠው በዕጣ ነበር። ከተቀጠሩት ሲሶው ያህል በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ሥራውን ትተዋል።

በፖለቲካ ፍልስፍና የመጀመሪያ ኮርስ ላይ ያለ ተማሪ ይህን ለማስረዳት ሁለት የካርል ማርክስ ሐሳቦች ይቀርቡለታል፤ የሠራተኛ ባይተዋርነትና ታሪካዊ ቁስ አካላዊነት። ብዙ ጊዜ በተለያዩ ሳምንታት፣ እንደማይተዋወቁ ሁለት ርዕሶች ሆነው ነው የሚሰጡት። በዚያ መንገድ ሲማሯቸው ባይተዋርነት ወደ መሰላቸት፣ ቁስ አካላዊነትም "ሁሉም ነገር ለገንዘብ ነው" ወደሚል አባባል ይወርዳሉ። ሁለቱንም የሚያስተሳስረው አንድ ክስተት አለ፤ የሚሠራው ሰው ከሚሠራበት ነገር፣ ማለትም ከመሬቱና ከመሣሪያው መለየቱ። ይህ ጽሑፍ ያንን ክስተት ተከትሎ ይሄዳል።

ባይተዋርነት ሲባል ምን ማለት ነው?

ማርክስ ስለ ባይተዋርነት በስፋት የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1844 በፓሪስ፣ የ26 ዓመት ወጣት ሳለ ነው። ረቂቆቹ በሕይወቱ ሳሉ አልታተሙም፤ ሙሉ ሆነው የወጡት እ.ኤ.አ. በ1932 ነበር። መነሻው ጀርመናዊው ፈላስፋ ሉድቪግ ፎየርባህ በ1841 ስለ ሃይማኖት ያቀረበው ክርክር ነው። ፎየርባህ የሰው ልጅ የራሱን መልካም ባሕርያት ከራሱ አውጥቶ ለሌላ ይሰጥና መልሶ ለዚያው ይንበረከካል ይል ነበር። ማርክስ የክርክሩን ቅርጽ ይዞ ከሃይማኖት ወደ ፋብሪካ ወሰደው። ሠራተኛው በገዛ ጉልበቱ የሚፈጥረው ሀብት ከእሱ ተለይቶ፣ የሌላ ሰው ንብረት ሆኖ፣ ተመልሶ እሱኑ የሚያዝ ኃይል ይሆናል አለ።

እንግዲህ ባይተዋርነት ማለት የአንድ ሰው የሆነ ነገር፣ ሥራው ወይም የሥራው ፍሬ፣ ከእሱ ተነጥሎ እንደ ባዕድ ኃይል ፊቱ ሲቆም የሚፈጠረው ግንኙነት ነው። ግንኙነት የሚለው ቃል እዚህ ላይ ሊዘለል አይገባም። ስሜት ከሰው ሰው ይለያያል፣ ከጠዋት እስከ ማታም ይለዋወጣል። አንዲት የስፌት ማሽን ኦፕሬተር ከጓደኞቿ ጋር እየተጫወተች በደስታ ልትሠራ ትችላለች፤ በማርክስ አገላለጽ ግን ባይተዋርነቱ አልጠፋም፤ ምክንያቱም የምትሠራውን፣ የምትሠራበትን ፍጥነትና የምርቱን ዕጣ የሚወስነው ሌላ ነው። በአንጻሩ በሱቁ በረንዳ ላይ የራሱን የሲንጀር ማሽን የሚመታ ልብስ ሰፊ ደንበኛ አጥቶ ቀኑን ሙሉ ሊተክዝ ይችላል። ድህነት ነው፣ ጭንቀት ነው፤ በዚህ ትርጉም ግን ባይተዋርነት አይደለም። በፈተና ላይ "ባይተዋርነት ማለት ሠራተኛው ሥራውን አለመውደዱ ነው" ብሎ የጻፈ ተማሪ የሳተው ይህንኑ ነው።

አንድ ቲሸርት በሃያ ሰው እጅ

ማርክስ ባይተዋርነትን ከአራት ወገን አይቶታል፤ ከምርቱ፣ ከሥራው ድርጊት፣ ከሰው ልጅ የፈጣሪነት ባሕርይና ከሌሎች ሰዎች። እነዚህን በቃል ከመሸምደድ በአንድ የስፌት መስመር ላይ መከተል ይቀላል።

ተራ ቲሸርት እንውሰድ። ጨርቁ በመቁረጫ ክፍል በብዙ ድርብ ተነጥፎ ይቆረጥና በጥቅል እየታሰረ ወደ መስመሩ ይመጣል። አንዷ ትከሻውን በኦቨርሎክ ታያይዛለች። ሌላዋ የአንገቱን ሪብ ታዘጋጃለች፤ ቀጣይዋ ትገጥመዋለች። ከዚያ እጅጌ፣ ጎን፣ የእጅጌና የታች እጥፋት፣ ሌብል፣ ክር መቁረጥ፣ ጥራት ማየት፣ መተኮስና ማሸግ ይከተላሉ። የሥራው መሐንዲስ ለእያንዳንዱ ድርጊት የሚፈጀውን ጊዜ በሰዓት ይለካና ደምሮ ለአንድ ልብስ መደበኛ ደቂቃ ያወጣል።

ለስሌት እንዲመች ጠቅላላው የስፌት ጊዜ 8 ደቂቃ፣ መስመሩ ላይ ያሉት ኦፕሬተሮችም 20 ናቸው እንበል። ሥራው በእኩል ከተከፈለ ለእያንዳንዷ የሚደርሳት 24 ሰከንድ ነው። በ8 ሰዓት ቀን ሃያዎቹ በድምሩ 9,600 ደቂቃ ይሠራሉ፤ አንዳችም ሳይስተጓጎል ቢሄድ 1,200 ቲሸርት ይወጣል ማለት ነው። በተግባር ክር ይበጠሳል፣ መርፌ ይሰበራል፣ መብራት ይጠፋል፣ አዲስ ሠራተኛ ትዘገያለች። መስመሩ በግማሽ ቅልጥፍና ቢሠራ የቀኑ ምርት 600 ይሆናል። ሱፐርቫይዘሩ በየሰዓቱ ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው ታርጌት ከዚህ ስሌት የሚመነጭ ነው።

አሁን አራቱን ወገኖች በዚህ መስመር ላይ እንያቸው። እጅጌ የምትገጥመው ሴት በቀን 600 ልብስ በእጇ ያልፋል፤ አንዱም "የእኔ ሥራ" ሊባል አይችልም፤ አንዱም የእሷ ንብረት አይሆንም። ነገሩ በባለቤትነት ብቻ አያበቃም። ምርቱ ተመልሶ ይገዛታል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ፣ ማለትም ወደ አሜሪካ ገበያ ያለ ቀረጥ ከሚያስገባው ዕድል ስትታገድ፣ የአንዲት ኦፕሬተር ወንበር መኖር አለመኖር በእሷ ፍጥነትም በጥራቷም የሚወሰን አልነበረም። አይታው በማታውቀው ገበያ ላይ የተላለፈ ውሳኔ የሠራችውን ልብስ ተከትሎ እሷ ዘንድ ደረሰ። ማርክስ ምርቱ ባዕድ ኃይል ሆኖ ይቆማል ሲል ምን ለማለት እንደፈለገ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ሁለተኛው ወገን ድርጊቱ ራሱ ነው። 24 ሰከንዱን የመረጠችው እሷ አይደለችም። ውኃ ለመጠጣትም ሆነ ለመጸዳዳት ከመስመሩ መነሳት የጥቅሉን ፍሰት ያቋርጣል። ሕጉ ወሰን ያበጅለታል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት፣ የትርፍ ሰዓቱን ደግሞ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ አድርጎታል። አዋጁ የሚገድበው ግን ርዝመቱን ነው፤ በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ እጇ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚወስነው ሌላ መሆኑን አይለውጠውም።

ሦስተኛው ወገን ለተማሪ ሁሌም የሚከብደው ነው። ማርክስ ሰውን ከሌላው ፍጥረት የሚለየው አስቀድሞ አስቦ፣ በሐሳቡ ነድፎ መሥራቱ ነው ይላል። ልብስ ሰፊው ደንበኛውን ይለካል፣ ጨርቁን ያያል፣ የት እንደሚያጠብና የት እንደሚለቅ ይወስናል፤ ሐሳቡና እጁ አብረው ይሠራሉ። በመስመሩ ላይ ግን ሐሳቡ በሌላ ቦታ ነው። ንድፉና መለኪያው ቴክ ፓክ በሚባል ሰነድ ከገዢው ኩባንያ ይመጣል፤ ናሙናው በናሙና ክፍል ይሠራል፤ አከፋፈሉን መሐንዲሱ ይጨርሰዋል። ለኦፕሬተሯ የሚቀራት እጁ ብቻ ነው። አንድ ዓመት እጅጌ ስትገጥም የቆየች ሴት ስትለቅ ሙሉ ቲሸርት ቆርጣ መስፋት ላትችል ትችላለች፤ ይህ ለሠራተኛዋ ከደመወዙ ቀጥሎ ትልቁ ኪሳራ ነው፤ የሚገባውን ያህልም አይወራለትም።

አራተኛው ወገን በጎን ከተቀመጠችው ጋር ያላት ግንኙነት ነው። አንገት የምትገጥመው አዲስ ብትሆንና 24ቱ ሰከንድ 40 ቢሆንባት፣ ከእሷ በፊት ጥቅል ይከመራል፣ ከእሷ በኋላ ያሉት እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። መስመሩ በሙሉ ከዚያች ሴት ፍጥነት በላይ መሄድ አይችልም፤ በቀን ሊወጣ የሚችለው ከፍተኛው 720 ይሆናል። ቦነሱ በመስመር የሚከፈል ከሆነ የአሥራ ዘጠኙ ቦነስ በአንዷ እጅ ላይ ይንጠለጠላል። መልካም ሰዎች ቢሆኑም አቀማመጡ ራሱ ጎረቤቷን እንቅፋት አድርጎ ያቀርብላቸዋል። የዘገየችውን "ቶሎ በይ" ብሎ የሚያስጨንቃት ሱፐርቫይዘሩ ብቻ ሳይሆን ጓደኞቿም የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ደመወዝ ቢጨመርስ?

እዚህ ላይ ባይተዋርነትን ከብዝበዛ መለየት ያስፈልጋል። ብዝበዛ ሠራተኛው ከፈጠረው እሴት ያልተከፈለው ድርሻ የሌላ መሆኑን ይመለከታል፤ ጥያቄው የስንት ነው። ባይተዋርነት ማን ይወስናል የሚል ጥያቄ ነው። ማርክስ በ1844ቱ ረቂቅ ደመወዝን በግድ ከፍ ማድረግ ለባሪያ የተሻለ ክፍያ ከመስጠት አያልፍም ብሎ ጽፏል። ንግግሩ መራራ ነው፣ የተጋነነም ነው፤ ለተራበ ሰው የተሻለ ክፍያ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም ልዩነቱን በትክክል ያስቀምጣል።

ከላይ ያለውን መስመር እንደገና እንውሰድ። ለስሌት ያህል እያንዳንዷ በወር 3,000 ብር ታገኛለች፣ ወሩም 26 የሥራ ቀን አለው እንበል። የሃያዎቹ ደመወዝ 60,000 ብር ነው። በቀን 600 ሲሠሩ በወር 15,600 ቲሸርት ይወጣል፤ ለአንድ ቲሸርት የስፌት ደመወዝ 3 ብር ከ85 ሳንቲም ነው። ሠራተኞቹ እጃቸው እየፈታ ሲሄድ የቀኑ ምርት ወደ 900 አደገ። በወር 23,400 መሆኑ ነው። ድርጅቱ ለዚህ ለእያንዳንዷ 300 ብር ቦነስ ቢጨምር እንኳ ለአንድ ቲሸርት የሚደርሰው 2 ብር ከ82 ሳንቲም ብቻ ነው። ምርቱ በ50 በመቶ፣ ገቢያቸው በ10 በመቶ አደገ፤ በእያንዳንዱ ልብስ ውስጥ ያለው የእነሱ ድርሻ ግን ወደ ታች ወረደ። ሠራተኛው ብዙ በፈጠረ ቁጥር እሱ ራሱ የረከሰ ሸቀጥ ይሆናል የሚለው የማርክስ አባባል ኪሳቸው ባዶ ይሆናል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። ኪሳቸው በጥቂቱ ሊሞላ ይችላል፤ የገዛ ችሎታቸው ዕድገት ግን የሚከማቸው ከእነሱ ውጭ ነው።

የክፍያና የባይተዋርነት ልዩነት በታሪክ በደንብ የታየው በዲትሮይት አጠገብ፣ በሄንሪ ፎርድ የሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ተንቀሳቃሹ የመገጣጠሚያ መስመር ሲገባ የሠራተኛ ፍልሰቱ በዓመት 370 በመቶ ደረሰ፤ አንድን የሥራ ቦታ ዓመቱን ለመሸፈን በአማካይ ወደ አራት የሚጠጉ ሰዎች መቅጠር ያስፈልግ ነበር። በጃንዋሪ 1914 ፎርድ የቀን ክፍያውን ወደ 5 ዶላር አሳደገ፣ የሥራ ሰዓቱንም ወደ 8 አወረደ። ፍልሰቱ በእጅጉ ቀነሰ። መስመሩ ግን ያው መስመር ነበር። ሰዎቹ የቆዩት ሥራው የእነሱ ስለሆነ ሳይሆን መልቀቁ ውድ ስለሆነባቸው ነው። የቦሌ ለሚን ወይም የዱከምን ፍልሰት የኢትዮጵያውያን የተለየ ባሕርይ አድርጎ ለሚያቀርብ ሰው ይህ አንድ ቁጥር በቂ መልስ ይመስለኛል።

ክብደት ያለው ተቃራኒ አስተያየትም አለ። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ሮበርት ብላውነር እ.ኤ.አ. በ1964 የማተሚያ ቤት፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የመኪናና የኬሚካል ሠራተኞችን አነጻጽሮ ነበር። የማተሚያ ቤት ባለሙያዎችና የኬሚካል ፋብሪካ ተቆጣጣሪዎች በሥራቸው ላይ የተሻለ ሥልጣን እንዳላቸው፣ የመኪና መገጣጠሚያ ሠራተኞች ግን የከፋው ዕጣ እንደደረሳቸው አገኘ። አራቱም ዘርፎች የግል ካፒታል ነበሩ። ስለዚህ ችግሩን የሚያመጣው ባለቤትነት ሳይሆን ቴክኖሎጂው ነው የሚል ድምዳሜ ይከተላል። ለዚህ የማርክስ ወገን መልስ ብላውነር የለካው በአብዛኛው ሠራተኞቹ የሚሰማቸውን ነው የሚል ነው። መልሱ ግማሹን ብቻ ያስኬዳል። ከአራቱ ወገኖች ሁለተኛውና ሦስተኛው በማሽኑና በሥራ አከፋፈሉ ላይ እንደሚመሠረቱ መካድ አይቻልም፤ በመንግሥት ይዞታ ሥር ያለ የስፌት መስመርም 24 ሰከንዱን አይለውጥም።

የታሪክ ሞተር

ሠራተኛዋ እዚያ ወንበር ላይ እንዴት ተገኘች? ይህ ጥያቄ ወደ ሁለተኛው ሐሳብ ያሻግረናል። ታሪካዊ ቁስ አካላዊነት ማለት የአንድን ማኅበረሰብ ለውጥ ከአኗኗሩ ቁሳዊ ሁኔታ፣ ማለትም ሰዎች የሚኖሩበትን ነገር ከሚያመርቱበት መንገድ ተነስቶ የማስረዳት ዘዴ ነው። ማርክስ አጭሩን መግለጫ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው። ሦስት ቃላት ይበቃሉ። የምርት ኃይሎች የሚባሉት መሬት፣ መሣሪያ፣ ጥሬ ዕቃና የሰው ችሎታ ናቸው። የምርት ግንኙነት የሚባለው በእነዚህ ላይ ማን ሥልጣን እንዳለውና ፍሬው እንዴት እንደሚከፋፈል ነው። ላዕላይ መዋቅር የሚባለው ደግሞ በእነዚህ ላይ የሚቆመው ሕግ፣ መንግሥት፣ ሃይማኖትና አስተሳሰብ ነው። የምርት ኃይሎች ሲያድጉ ነባሩ ግንኙነት እንደ እግር ብረት ይይዛቸዋል፤ ግጭቱ ሲከር የማኅበራዊ ለውጥ ዘመን ይከፈታል።

የእኛው ታሪክ ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው፤ በከፊል ያጸናዋል፣ በከፊል ይፈታተነዋል። ከ1966 ዓ.ም. በፊት በተለይ በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ጭሰኛው የባለመሬቱን መሬት እያረሰ ከምርቱ ሲሶ ወይም እኩሌታ ያስረክብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ በአርሲ የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት፣ በአጭሩ ካዱ፣ ተጀመረ። ማዳበሪያና የተሻሻለ የስንዴ ዘር ገባ፤ ምርቱ ጨመረ። ምርቱ ሲጨምር ባለመሬቱ ከጭሰኛ ጋር ከመካፈል በትራክተር ራሱ ማሳረስ እንደሚያዋጣው አየ፤ ብዙ ጭሰኞችም ከመሬቱ ተነቀሉ። ለድሃው አራሽ ታስቦ የመጣው ግብዓት አራሹን አፈናቀለው። ግብዓቱ መጥፎ አልነበረም፤ የገባበት ግንኙነት ግን ጥቅሙን ለባለመሬቱ አሳልፎ ሰጠው።

ይህ ከ1859ኙ መግለጫ ጋር ይገጥማል፤ አዲስ የምርት ኃይል ነባሩን ግንኙነት አናጋው። መግለጫው የማይነግረን ደግሞ መናጋቱ ወዴት እንደሚሄድ ነው። በአርሲ የተጀመረው ጉዞ ጭሰኛውን ወደ ደመወዝተኛ የእርሻ ሠራተኛ የሚወስድ ነበር፤ ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1867 በወጣው ሥራው ስለ እንግሊዝ ገበሬዎች መነቀል የገለጸው ዓይነት። አብዮቱም ሲፈነዳ ከጭሰኛው አልተነሳም። በ1966 ዓ.ም. የነገሌ ወታደሮች አመፅ፣ የቤንዚን ዋጋ ያስቆጣቸው የታክሲ ነጂዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ ከኋላቸውም የወሎ ረሃብ ነበሩ። "መሬት ላራሹ" የሚለውን ጥያቄ ወደ አደባባይ ያወጡት ከማረስ የራቁ ተማሪዎች ነበሩ።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። መሬት የሕዝብ ሆነ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተደረገ፤ መሸጥ፣ ማከራየትና፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ በቅጥር ጉልበት ማሳረስ ተከለከለ። እዚህ ላይ ላዕላይ መዋቅር የሚባለው ሕግ ወደ ታች ወርዶ መሠረቱን ራሱን ለወጠው። ጭሰኛው ወደ ደመወዝተኛነት በሚያመራው መንገድ ላይ ሳለ አነስተኛ ባለይዞታ ሆነ። የማርክስ የሥራ ባልደረባ ፍሬድሪክ ኤንግልስ እ.ኤ.አ. በ1890 ለዮሴፍ ብሎህ በጻፈው ደብዳቤ ምርት በመጨረሻው ደረጃ ወሳኝ ነው እንጂ ብቸኛው ወሳኝ አይደለም፣ ፖለቲካና ሕግም መልሰው ይጫኑታል ብሎ ነበር። ያለዚያ ደብዳቤ ማስተካከያ የ1967ቱን አዋጅ በታሪካዊ ቁስ አካላዊነት ማስረዳት የሚቻል አይመስለኝም።

ሁለት ዓይነት ነፃነት

ማርክስ የደመወዝ ሠራተኛ በሁለት መንገድ ነፃ መሆን አለበት ይላል። የማንም ባሪያ ወይም ገባር ስላልሆነ ጉልበቱን ለፈለገው ለመሸጥ ነፃ ነው፤ ከመሬትና ከመሣሪያም ነፃ ነው፤ ማለትም የሚኖርበት ሌላ ነገር የለውም። ሁለተኛው ነፃነት ጠዋት ወደ ፋብሪካ የሚያስነሳው ነው።

ከገጠር ወደ አዲስ አበባ ዳርቻ መጥታ መስመሩ ላይ የምትቀመጠው ወጣት በሁለተኛው መንገድ ሙሉ በሙሉ ነፃ አይደለችም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንጂ የማይሸጥ የማይለወጥ ነው ሲል የ1967ቱን ዋና ነገር ስላስቀጠለ፣ የወላጆቿ ማሳ በዕዳ ተሸጦ አላለቀም። ትንሽ ነው፤ በብዙ ቦታ ከአንድ ሄክታር በታች፣ ለወንድምና እህት ሲካፈል ደግሞ የማይረባ። ቢሆንም ስንቅ ከዚያ ይመጣል፤ ሥራው ካልተመቸ የምትመለስበት ቤትም አለ።

ይህ ማሳ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል። የኑሮዋን የተወሰነ ወጪ ቤተሰቡ ስለሚሸፍን ደመወዙ ከኑሮ ወጪ በታች ሆኖም ሠራተኛ ሊገኝ ይችላል። መውጫ በር ስለሚሆናት ደግሞ ደመወዙ ዝቅ ሲል ትለቃለች። ቀጣሪው ርካሽ ጉልበት የሚያገኝበትና ጉልበቱ የማይበረክትለት በአንድ ምክንያት ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋምና ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲወሰን መንገድ ከፍቷል፤ በዚህ ዕይታ የቦርዱ ሥራ ገጠሩ ለፋብሪካው የሚከፍለውን ድጎማ ወደ ቀጣሪው የማዞር ያህል ነው።

በዚያው ሼድ ጎን የሚኖረው ሌላው ሰው የልማት ተነሺው ነው። ፋብሪካውና ኮንዶሚኒየሙ ከመምጣታቸው በፊት በዚያ መሬት ላይ ጤፍና ስንዴ ያመርት ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ለዘለቄታው የተነሳና ምትክ መሬት ያላገኘ አርሶ አደር ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ የመፈናቀያ ካሳ ይከፈለዋል። ለምሳሌ ገቢው 40,000 ብር ከነበረ 600,000 ብር ማለት ነው። ገንዘቡ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን መሬት በየዓመቱ የሚያበላ የማምረቻ መሣሪያ ነው፤ ብር ወደ መሣሪያ ካልተለወጠ በቤት ግንባታ፣ በሠርግና በዋጋ ንረት ያልቃል። ሲያልቅ ልጆቹ በማርክስ ትርጉም ሙሉ ነፃ ናቸው፤ ጥበቃ፣ የቀን ሥራ ወይም ያው የስፌት መስመር ይጠብቃቸዋል።

የባህል ማብራሪያው ምን ያህል ያስኬዳል?

የሥራ ባህል ክርክርን በጥንካሬው ያቀረበው ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ማክስ ቬበር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1904 እና 1905 ባወጣው ሥራ። ምሳሌው አጫጅ ነው። ሞርገን በሚባለው የጀርመን የመሬት መለኪያ፣ በአንድ ሞርገን 1 ማርክ ሲከፈለው በቀን ሁለት ተኩል ሞርገን ያጭድ ነበር። ክፍያው ወደ 1 ማርክ ከሩብ ሲያድግ ግን 2 ሞርገን ብቻ አጨደ፤ የለመደውን 2 ማርክ ተኩል ካገኘ በቂው ነበር። ለቬበር ይህ ሰው በልማድ መንፈስ ይኖራል፤ ካፒታሊዝም እንዲቆም ሥራን እንደ ጥሪ የሚያይ ሌላ መንፈስ መፈጠር ነበረበት።

ብዙ የፋብሪካ ኃላፊዎች ቬበርን ሳያነቡ የሚናገሩት ይህንኑ ነው፤ ውሸት ብቻ ነው ማለትም አይቻልም። ደወል አክብሮ መግባት፣ በታርጌት መሥራት የሚለመዱ ነገሮች ናቸው። ጥያቄው ልማዱ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ዝናብን ተከትሎ የሚሠራ ገበሬ በመኸር ሌሊት ሳይቀር ይለፋል፤ በበጋ ያርፋል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ለእርሻ የሚስማማ የጊዜ አያያዝ ነው። የምርት መንገዱ ሲለወጥ ልማዱም ዘግይቶ ይከተላል።

ለሴቶቹ የራሳቸው ብር ማግኘት ሌላ ትርጉም እንዳለውም መዘለል የለበትም። በሰው ቤት ሠራተኛነት ወይም ያለፈቃድ ከመዳር ጋር ሲነጻጸር የፋብሪካ ደመወዝ ለአንዳንዷ እውነተኛ መላቀቅ ነው። ማርክስም ካፒታል ነባሩን የቤተሰብ ሥልጣን እንደሚበጣጥስ ያውቅ ነበር። ከአንድ ዓይነት ጥገኝነት መውጣትና ወደ ሌላ መግባት በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ በአንድ ቀን ሊሆን ይችላል።

ሁለቱን ማብራሪያዎች እንዴት መለየት ይቻላል?

በመነሻው የጠቀስነው የ77 በመቶ መረጃ በራሱ ለማንም ወገን አይመሰክርም። ሰዎች መልቀቃቸውን ያሳያል፤ ለምን እንደሆነ ግን ባህልም፣ ደመወዝም፣ ጤናም፣ የመስመሩ አሠራርም ሊሆን ይችላል። ለኮርስ ሥራ የሚሆን የተሻለ መፈተኛ በዚያው ዳርቻ አለ። በአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ደመወዝ፣ በአንድ መስመር የሚሠሩትን ሁለት ቡድኖች ማነጻጸር ነው፤ ቤተሰባቸው ማሳ ያላቸው ከገጠር የመጡትንና የልማት ተነሺ ልጆችን። ሁለቱም ከገበሬ ቤት ናቸው፣ ስለዚህ በባህል አይራራቁም። የሚለያዩት ከኋላቸው መሬት መኖሩ ላይ ነው። ማሳ ያላቸው ፈጥነው የሚለቁ ከሆነ ቁሳዊው ማብራሪያ ይጠነክራል፤ ልዩነት ከሌለ ይዳከማል።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። የተነሺ ልጅ በወላጆቿ ቤት ስለምትኖር ኪራይ አትከፍልም፤ ያው 3,000 ብር ለእሷ የበለጠ ብር ነው። ብትቆይ መሬት ስላጣች ነው ወይስ ኪራይ ስለተረፋት? ይህን ለመለየት ከገጠር መጥተው በዘመድ ቤት ያለ ኪራይ የሚኖሩትን ለብቻ መቁጠር ያስፈልጋል። እነሱም እንደ ኪራይ ከፋዮቹ ፈጥነው የሚለቁ ከሆነ፣ ሚዛኑ ወደ ማሳው ያጋድላል። እንደ ተነሺዎቹ የሚቆዩ ከሆነ ደግሞ ፍልሰቱን የሚወስነው በከተማው ዳርቻ ያለው የአንድ ክፍል ቤት ዋጋ ነው፤ ያም ቢሆን ቁሳዊ ምክንያት ነው፣ ነገር ግን ማርክስ ያሰበው አይደለም፣ መፍትሔውም ሌላ ነው።